ከእመቤታችን ቀን እስከ ኤፕሪል 6፦ የብሪታንያ የበጀትና የግብር ዓመት አመጣጥ

የቀን መቁጠሪያ ዓመትና የበጀት ዓመት በርዝመት እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በመነሻ ቀናቸው ነው። የመጀመሪያው ዘመን የሚለወጥበትን ቀን ይከተላል። ሁለተኛው ደግሞ መንግሥት ገቢውን ለመሰብሰብ፣ ወጪውን ለማስፈቀድና ሒሳቡን ለመዝጋት የመረጠውን ቀን ይዞ ይነሳል። በኢትዮጵያ ዘመን የሚለወጠው መስከረም 1 ሲሆን በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የ2017 በጀት ዓመት የጀመረውም ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነበር። በብሪታንያ ዘመን የሚለወጠው ጃንዋሪ 1፣ የመንግሥት የሒሳብ ዓመት የሚጀምረው ኤፕሪል 1፣ የግለሰቦች የገቢ ግብር ዓመት የሚጀምረው ደግሞ ኤፕሪል 6 ነው። አንድ አገር ሦስት የዓመት መነሻ ቀኖች ይዞ የቀረው በየዘመኑ በተወሰኑ ውሳኔዎች ምክንያት ነው። የበጀት ማቅረቢያ፣ የግብር ማስታወቂያና የሒሳብ ሪፖርት ቀነ ገደቦች ሁሉ የሚቆጠሩት ከእነዚህ ቀኖች ስለሆነ፣ ውሳኔዎቹን በቅደም ተከተል ማየት ቀነ ገደብ እንዴት እንደሚወሰን በግልጽ ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመከር በኋላ የሚዘጋ ሒሳብ

በ12ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት ገቢ የሚመረመረው ኤክስቼከር በሚባለው ግምጃ ቤት ነበር። ሸሪፍ የሚባሉት የየአውራጃው ሹሞች የንጉሡን ገቢ ይሰበስባሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ግምጃ ቤቱ ፊት ይቀርባሉ። በፋሲካ ሰሞን ከዓመቱ ገቢ ከፊሉን ያስገባሉ። በሴፕቴምበር 29 በሚውለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ደግሞ ቀሪውን ይዘው ይመጡና የዓመቱን ሒሳብ ያወራርዳሉ። ሒሳቡ የሚሠራው እንደ ዳማ ገበታ በአራት ማዕዘን በተከፋፈለ ጨርቅ ላይ ቆጣሪዎችን በማንቀሳቀስ ነበር፤ ውጤቱም በብራና ጥቅል ላይ ይጻፋል። ከእነዚህ ጥቅሎች ውስጥ እስከ ዛሬ የቆየው ቀደምቱ የ1130 ሒሳብ ነው።

የሚካኤል በዓል የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ አዝመራው ተሰብስቧል፤ ገበሬው እህሉን ሸጦ ለባለ መሬቱ ይከፍላል፤ ባለ መሬቱም ለንጉሡ ይከፍላል። ሒሳቡ ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት ቢዘጋ የሚጻፈው ዕዳ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ መዝጊያው ገንዘቡ ከሚገባበት ወቅት ጋር ተያያዘ።

ሕዝቡ ደግሞ ዓመቱን በአራት በዓላት ከፍሎ ይከፍል ነበር። እነሱም ማርች 25 የሚውለው የእመቤታችን ቀን፣ ጁን 24 የሚውለው የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት፣ የሚካኤል በዓልና የገና በዓል ነበሩ። የመሬት ኪራይ የሚከፈለው፣ የእርሻ ውል የሚጀምረውና የሚያበቃው በእነዚህ ቀኖች ነው። ከአራቱ ማርች 25 የተለየ ቦታ ነበረው። ገብርኤል ማርያምን ያበሰረበት ቀን ሆኖ ስለሚከበር፣ ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝ ሕግ የዘመን መለወጫ እሱ ሆነ። በዚህ ምክንያት የግብር፣ የውልና የዘመን መለወጫው ቀን በሕግ ፊት አንድ ነበር።

ልዩነት የነበረው በሕጉና በኑሮው መካከል ነው። ሕዝቡ አዲስ ዓመት ብሎ የሚያከብረው ጃንዋሪ 1 ነበር፤ ስኮትላንድም ከ1600 ጀምሮ ይህንኑ ቀን የዘመን መለወጫ አድርጋለች። ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና አብዛኛው ማርች በለንደን ሕግ የአሮጌው ዓመት፣ በኤደንብራ ደግሞ የአዲሱ ዓመት ወራት ነበሩ። ጸሐፊዎች ስሕተት እንዳይፈጠር ሁለቱንም ዓመት ይጽፉ ስለነበር፣ በዘመኑ ደብዳቤዎች ላይ «ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1750/1» የሚመስል ቀን ይገኛል።

አሥራ አንዱ ቀን

ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀን አቆጣጠሩን በ1582 ሲያሻሽሉ እንግሊዝ አልተቀበለችም። የቀድሞው የዩልዮስ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ አዲሱ ግን በ400 የማይካፈሉትን የመቶ ዓመታት ያለ ተጨማሪ ቀን ያሳልፋል። በዚህ የተነሳ በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ከጎረቤቶቿ በ11 ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ከፓሪስ የተላከ የንግድ ሰነድ ለንደን ሲደርስ፣ የተጻፈበት ቀን ገና ያልደረሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በቼስተርፊልድ ሎርድ አቅራቢነት ፓርላማው ያጸደቀው ሕግ ሁለት ለውጦችን አንድ ላይ አደረገ። መጀመሪያ የዘመን መለወጫውን ከማርች 25 ወደ ጃንዋሪ 1 አመጣ። ስለዚህ ማርች 25 የጀመረው የ1751 ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ተቋርጦ የ282 ቀን ዓመት ሆነ። ሁለተኛ፣ በ1752 ረቡዕ ሴፕቴምበር 2 ሲመሽ ቀጣዩ ቀን ሐሙስ ሴፕቴምበር 14 ተብሎ እንዲቆጠር አዘዘ። ከመካከል 11 የቀን ቁጥሮች ተዘለሉ፤ የ1752 ዓመትም የ355 ቀን ሆነ።

ቁጥር መዝለል ቀላል ነው፤ ውልና ዕዳ ግን በቁጥር ብቻ አይኖሩም። በዓመት 730 ሺሊንግ ኪራይ የሚከፍል አንድ ገበሬ ቢወሰድ፣ ኪራዩ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 2 ሺሊንግ ይደርሳል። የ1752 የእመቤታችን ቀን ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው የእመቤታችን ቀን በቁጥር ማርች 25 ቀን 1753 ነው። በመካከል 11 ቀን ስለተዘለለ ገበሬው መሬቱን የተጠቀመበት ጊዜ 354 ቀን ብቻ ይሆናል። ሙሉውን 730 ሺሊንግ በዚያ ቀን እንዲከፍል ቢገደድ ያልተጠቀመባቸውን የ11 ቀኖች ዋጋ ማለትም 22 ሺሊንግ ከኪሱ ይከፍላል። ወለድ የሚከፍል ተበዳሪና የዓመት ግብር የሚከፍል ባለ መሬትም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስባቸዋል።

የሕጉ አርቃቂዎች ይህን አስቀድመው አይተውታል። ኪራይ፣ ወለድ፣ የብድር መክፈያና ሌላ በውል የተቆረጠ ቀን ሁሉ፣ የተዘለሉት ቀኖች ሳያፈጥኑት፣ ሊደርስበት በነበረው በዚያው የተፈጥሮ ቀን እንዲደርስ የሚል አንቀጽ አስገቡ። ስለዚህ ማርች 25 ይከፈል የነበረው ኪራይ በአዲሱ ቁጥር ኤፕሪል 5 ይከፈል ጀመር። ሴፕቴምበር 29 ይዘጋ የነበረው ሒሳብም ወደ ኦክቶበር 10 ሄደ። የዘመን መለወጫው ወደ ጃንዋሪ 1 ሲዛወር ገንዘቡ ባለበት ቀረ፤ የቀን መቁጠሪያ ዓመትና የገንዘብ ዓመት በእንግሊዝ በሕግ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጨማሪ ቀኑን የሚይዘው በዩልዮስ አቆጣጠር ልክ ስለሆነ የድሮው የእንግሊዝ የእመቤታችን ቀን ዛሬም በኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቦታውን አልለቀቀም። የዩልዮስ ማርች 25፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጌታን ጽንሰት የምታከብርበት መጋቢት 29 ነው። መጋቢት 29 በአሁኑ ዘመን ኤፕሪል 7 ላይ ይውላል። የብሪታንያ የግብር ዓመት የሚጀምርበት ኤፕሪል 6 ደግሞ መጋቢት 28 ነው። ሁለቱ ቀኖች ይህን ያህል የተጠጋጉት ከአንድ በዓል ስለተነሱ ነው።

ከኤፕሪል 5 ወደ ኤፕሪል 6

ማርች 25 ላይ 11 ቀን ሲደመር ኤፕሪል 5 ይሆናል፤ የግብር ዓመቱ የሚጀምረው ግን ኤፕሪል 6 ነው። ስለ አንዷ ቀን ሁለት ማብራሪያዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የ1800 ዓመት ነገር ነው። በቀድሞው አቆጣጠር 1800 ተጨማሪ ቀን ነበረው፤ በአዲሱ ግን የለውም። ልዩነቱ 12 ቀን ስለሆነ ግምጃ ቤቱ ዓመቱን በአንድ ቀን ገፋው ይባላል።

ሁለተኛው ማብራሪያ ከሕግ አጻጻፍ ይነሳል። በእንግሊዝ ሕግ አተረጓጎም አንድ ጊዜ «ከዚህ ቀን» ተብሎ ሲጻፍ፣ የተጠቀሰው ቀን ራሱ አይቆጠርም። «ከማርች 25» የተባለ የግብር ዓመት ማርች 26 ይጀምርና በቀጣዩ ዓመት ማርች 25 ማታ ያልቃል። በእሱ ላይ 11 ቀን ሲጨመር መጀመሪያው ኤፕሪል 6፣ መጨረሻው ኤፕሪል 5 ይሆናል። ይህ ማብራሪያ ይበልጥ ያሳምናል፤ ኤፕሪል 5 ከ1800 በፊት በወጡ የግብር ሕጎች ውስጥ ተጽፎ ይገኛልና። ልዩነቱ ወደ 13 ቀን ባደገበት በ1900ም ቀኑን የነካው የለም።

ቀኑን ዘላቂ ያደረገው የገቢ ግብር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ገንዘብ ለማግኘት በ1799 የገቢ ግብር አስጣሉ። ዓመታዊ ገቢው ከ60 ፓውንድ በታች የሆነ ሰው ነፃ ነበር፤ ከ200 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ 10 በመቶ ይከፍላል። አዲሱ ግብር ነባሮቹ ግብሮች የሚሰበሰቡበትን የኤፕሪል 5 መዝጊያ ተከተለ። ግብሩ በ1802 ሰላም ሲወርድ ቀረ፤ በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ ሲያገረሽ ተመለሰ፤ በ1816 እንደገና ተሻረ። በ1842 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ለጥቂት ዓመታት ብቻ ብለው መለሱት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልተነሳም።

ሕጉ ዛሬም የገቢ ግብርን እንደ ጊዜያዊ ግብር ነው የሚያየው። ፓርላማው ለአንድ ዓመት ይጥለዋል፤ ኤፕሪል 5 ሲመሽ ያበቃል። ለመቀጠል በየዓመቱ አዲስ የፋይናንስ ሕግ ያስፈልገዋል። የበጀት ንግግር በየዓመቱ በቀነ ገደብ የሚቀርብበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው፤ መንግሥት ካልጠየቀና ምክር ቤቱ ካልፈቀደ ዋናው ገቢ ይቋረጣል።

የማርች 31 መዝጊያ

የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 5 ላይ ሲጸና፣ የመንግሥት አጠቃላይ ሒሳብ ገና ቦታ አልያዘም ነበር። ኦክቶበር 10 ይዘጋ የነበረው ሒሳብ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ጃንዋሪ 5 ተዛወረ፤ ይህም የድሮው የገና በዓል በአዲሱ ቁጥር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን መሥሪያ ቤቶች ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት የወጪ ጥያቄ ማርች 31 ለሚያልቅ ዓመት ሆነ። የገቢው ሒሳብ በአንድ ቀን፣ የወጪው ፈቃድ በሌላ ቀን ሲያልቅ፣ አንድ የምክር ቤት አባል የተፈቀደውንና የተፈጸመውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር አይችልም። የሁለቱ ሰነዶች ድምር አለመግጠም ከምዝበራ ይሁን ከቀን ልዩነት የመጣ መሆኑ አይለይም።

ዊልያም ግላድስተን የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት በ1854 የወጣ ሕግ ሒሳቡን ወደ ማርች 31 አመጣው። ከዚያ በኋላ የወጪ ፈቃዱና የወጪ ሒሳቡ በአንድ ቀን ይጀምራሉ፤ በአንድ ቀን ያልቃሉ። በ1861 የምክር ቤቱ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1866 የወጣው ሕግ ደግሞ ተቆጣጣሪና ዋና ኦዲተር የሚባል ሹመት ፈጠረ፤ መሥሪያ ቤቶችም ያወጡትን ከተፈቀደላቸው ጋር አነጻጽረው በየዓመቱ እንዲያቀርቡ አስገደደ። የግብር ዓመቱ ግን ኤፕሪል 5 ላይ ቀረ። ግብር ከፋዩን የሚነካ ቀን ለመቀየር የሚሊዮኖችን ሒሳብ መነካካት ይጠይቃል፤ የመሥሪያ ቤቶችን መዝገብ ማዛወር ግን የመንግሥት የውስጥ ሥራ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ላይ የቆመው ደንብ ጥብቅ ነበር፤ ማርች 31 ድረስ ያልወጣ ገንዘብ ለግምጃ ቤቱ ተመላሽ ይሆናል። ዓላማው ምክር ቤቱ የፈቀደው ገንዘብ ሳያውቀው ከዓመት ዓመት እንዳይከማች ነው። ደንቡ ግን የራሱን ችግር ወለደ። ገንዘብ የተረፈው መሥሪያ ቤት ለመጪው ዓመት እንዳይቀነስበት በመስጋት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግዢ ያጣድፋል። ሰኔ ሲጋመስ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የግዢ ክፍል የሚያየው ጥድፊያ በለንደን በማርች ይታያል። ምልክቱም አንድ ነው፤ የየወሩ ወጪ ተቀራራቢ ሆኖ ከርሞ የመጨረሻው ወር ወጪ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል፤ የተገዛው ዕቃም መጋዘን ገብቶ ይቀመጣል።

የዓመቱ መጀመሪያም ክፍተት አለው። ዝርዝር የወጪ ጥያቄው በምክር ቤቱ የሚጸድቀው በበጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጁላይ ሲሆን፣ ደመወዝ ግን ከኤፕሪል ጀምሮ መከፈል አለበት። ስለዚህ ምክር ቤቱ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት በቅድሚያ የሚሰጥ ፈቃድ ያጸድቃል። መጠኑ በተለምዶ በያዝነው ዓመት ከተፈቀደው ገንዘብ 45 በመቶ ያህል ነው።

የበጀት ቀን ሲያልፍ የሚሆነው

ቀነ ገደብ መተላለፍ ምን እንደሚያስከትል በ1909 ታየ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ በባለጸጎችና በመሬት ላይ አዲስ ግብር የሚጥለውን በጀት ኤፕሪል 29 ቀን 1909 አቀረቡ። የታችኛው ምክር ቤት ለወራት ተከራክሮ አጸደቀው፤ የመኳንንቱ ምክር ቤት ግን ኖቬምበር 30 ጣለው። ምርጫ ተካሂዶ በጀቱ ሕግ የሆነው ኤፕሪል 29 ቀን 1910 ነው። በዚያን ጊዜ የሚመለከተው የሒሳብ ዓመት ካለቀ አንድ ወር ሊሞላው ነበር። በመካከሉ ለገቢ ግብሩ የጸና ሕግ ስላልነበረ አሰባሰቡ ተስተጓጎለ። በ1911 የወጣው የፓርላማ ሕግ መኳንንቱ የገንዘብ ሕግን ከአንድ ወር በላይ ማዘግየት እንዳይችሉ አደረገ።

ከዚህ በኋላም አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። የበጀት ንግግሩ ከተደመጠ በኋላ የታችኛው ምክር ቤት ግብሩ እንዲቀጥል ውሳኔ ያሳልፋል፤ ሕጉ ግን የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው። ግብር ሰብሳቢው በመካከሉ ባለው ጊዜ በውሳኔው ብቻ ይሰበስብ ነበር። የቀድሞው የፓርላማ አባል ቶማስ ጊብሰን ቦልስ በ1912 የእንግሊዝ ባንክን ከሰሱ፤ ባንኩ ከሚከፍላቸው የቦንድ ወለድ ላይ የገቢ ግብር ሕግ ሳይወጣ ቆርጦባቸው ነበር። የ1689 የመብቶች ድንጋጌ ያለ ፓርላማ ሕግ ግብር መሰብሰብን ይከለክላል፤ የአንድ ምክር ቤት ውሳኔ ደግሞ ሕግ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለቦልስ ፈረደ።

መንግሥት በ1913 ስለ ጊዜያዊ የግብር አሰባሰብ የሚደነግግ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት የምክር ቤቱ የበጀት ውሳኔ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ሕግ ይጸናል፤ የፋይናንስ ሕጉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልወጣ ውሳኔው ይወድቃል፤ የተሰበሰበውም ለከፋዩ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ከበጀት ንግግር እስከ ሕጉ መውጣት ያለው ጊዜ በሕግ የተቆረጠ ሆነ።

ደመወዝና ድርጅት

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አብዛኛው ግብር ከፋይ ግብሩን የሚከፍለው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን 1944 ግብርን በየደመወዙ የመቁረጥ ሥርዓት ተጀመረ። ቀጣሪው ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተከፈለውን ደመወዝ እየደመረ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ተገቢውን ግብር ይቀንሳል። ይህ ሥርዓት ኤፕሪል 6ን በእያንዳንዱ የደመወዝ ሰነድ ውስጥ አስገባው። የግብር ወሩ ከ6 እስከ 5 ይቆጠራል፤ ቀጣሪው የቆረጠውን በ19፣ በኤሌክትሮኒክ የሚከፍል ከሆነ በ22 ያስገባል። ኤፕሪል 5 ዓመቱ ሲዘጋ፣ የዓመቱን ደመወዝና ግብር የሚያሳየውን ፒ60 የተባለ ቅጽ እስከ ሜይ 31 ለሠራተኛው ይሰጣል። ግብሩን ራሱ የሚያስታውቅ ሰው በወረቀት እስከ ኦክቶበር 31፣ በኢንተርኔት እስከ ጃንዋሪ 31 ጊዜ አለው። በብሪታንያ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም የሚገዙት በእነዚሁ ቀኖች ነው።

በ1965 የድርጅቶች ገቢ ግብር ለብቻው ሲቋቋም አዲሱ ሕግ የድሮውን ኤፕሪል 6 አልወረሰም፤ ግብሩ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ባለው ዓመት ይሰላል። ድርጅቱ ግን ሒሳቡን የሚዘጋበትን ቀን ራሱ ይመርጣል። ሒሳቡን በቀን መቁጠሪያ ዓመት የሚዘጋ ድርጅት፣ የግብር መጣኔ በተቀየረበት ዓመት ሁለቱ ዓመታት እንዴት እንደሚተላለፉ በግልጽ ያያል።

የ2023 ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መጣኔው እስከ ማርች 31 ቀን 2023 ድረስ 19 በመቶ ነበር። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ከ250,000 ፓውንድ በላይ ለሚያተርፍ ድርጅት 25 በመቶ ሆነ። አንድ ድርጅት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ባለው ዓመት 365,000 ፓውንድ አተረፈ እንበል። ትርፉ በየትኛው ወር እንደተገኘ አይጠየቅም፤ በቀን ብዛት ይከፋፈላል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች መጨረሻ ያሉት 90 ቀኖች 90,000 ፓውንድ ይይዛሉ፤ ግብሩ በ19 በመቶ 17,100 ፓውንድ ነው። የቀሩት 275 ቀኖች 275,000 ፓውንድ ይይዛሉ፤ ግብሩ በ25 በመቶ 68,750 ፓውንድ ነው። ጠቅላላው 85,850 ፓውንድ ሲሆን ከትርፉ 23.52 በመቶ ይሆናል። ይህ መጣኔ በየትኛውም ሕግ ተጽፎ አይገኝም፤ የተፈጠረው የድርጅቱ ዓመት የመንግሥትን ዓመት አቋርጦ ስለሚያልፍ ነው።

የድርጅቱ ቀነ ገደቦች ግን የሚቆጠሩት ከራሱ መዝጊያ ቀን ነው። የግል ኩባንያ ከሆነ የሒሳብ መግለጫውን ለኩባንያዎች መዝገብ ቤት በዘጠኝ ወር ውስጥ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ያስገባል። ግብሩን ከዘጠኝ ወር ከአንድ ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 1 ይከፍላል። የግብር ማስታወቂያውን በዓሥራ ሁለት ወር ውስጥ፣ እስከ ዲሴምበር 31 ያቀርባል። ክፍያው ከማስታወቂያው ስለሚቀድም፣ ሒሳቡን ለማስታወቂያው ቀን የሚያቆይ ድርጅት በሦስት ወር የዘገየ ክፍያ ወለድ ይከፍላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሪፖርት እንዲሁ ከመዝጊያው ወደ ፊት ይቆጠራል። አሁን በሥራ ላይ ባለው የ2000 ሕግ መሠረት፣ ማርች 31 የተዘጋው ሒሳብ እስከ ኖቬምበር 30 ለዋና ኦዲተሩ ይደርሳል፤ ኦዲተሩ አረጋግጦ እስከ ጃንዋሪ 15 ለገንዘብ ሚኒስቴር ይልካል፤ ሚኒስቴሩም እስከ ጃንዋሪ 31 ለምክር ቤቱ ያቀርባል።

ቀኑን የማዛወር ሙከራዎች

የበጀት ንግግሩ ቀን ከዓመቱ መጀመሪያ ቀን ይልቅ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ለረጅም ጊዜ ንግግሩ የሚደረገው በጸደይ፣ ዓመቱ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ወይም ከጀመረ በኋላ ነበር። በ1993 ወደ ኖቬምበር ተዛወረ፤ በገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን ጊዜ ወደ ጸደይ ተመለሰ፤ ሌላው የገንዘብ ሚኒስትር ፊሊፕ ሃሞንድ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ወደ መኸር አመጡት። በኖቬምበር የተነገረ የግብር ለውጥ ኤፕሪል 6 ከመድረሱ በፊት በምክር ቤት ይመረመራል፤ ቀጣሪዎችም የደመወዝ ሒሳባቸውን ለማስተካከል ወራት ያገኛሉ።

ዓመቱን ራሱን ማዛወር ምን እንደሚጠይቅ አየርላንድ አሳይታለች። ከብሪታንያ የወረሰችውን የኤፕሪል 6 ዓመት ትታ ከ2002 ጀምሮ የቀን መቁጠሪያ ዓመትን ያዘች። ለመሸጋገር ከኤፕሪል 6 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2001 የሚቆይ አጭር የግብር ዓመት አስፈለጋት። ዓመቱ ስላጠረ ለሙሉ ዓመት የተሰጡት የግብር እፎይታዎችም በዚያው ልክ መቀነስ ነበረባቸው፤ የ1752ቱ ጥያቄ ቀኑን በመግፋት ሳይሆን መጠኑን በመቀነስ መልስ አገኘ።

በብሪታንያ የግብር ማቅለያ ጽሕፈት ቤት በ2021 የግብር ዓመቱን ወደ ማርች 31 ወይም ወደ ዲሴምበር 31 ማዛወርን አጠና። ዲሴምበር 31 ከአብዛኛው ዓለም ጋር ያስማማል፤ ነገር ግን የመንግሥትን የሒሳብ ዓመት፣ የደመወዝ ሥርዓቱንና የጡረታ አከፋፈሉን አብሮ መቀየር ይጠይቃል። ማርች 31 የሚፈልገው የአምስት ቀን ማሻሻያ ብቻ ነው። መንግሥት ሁለቱንም አልወሰደም። ከ2024 እስከ 2025 ካለው ዓመት ጀምሮ ግን የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች፣ ሒሳባቸውን መቼም ይዝጉ መቼ፣ ግብር የሚከፍሉት ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ባገኙት ትርፍ ላይ ሆነ። ማርች 31 ለሚዘጉት፣ የአምስቱ ቀን ልዩነት እንደሌለ እንዲቆጠር ሕጉ ፈቀደ።

ተመሳሳይ ክፍተት በኢትዮጵያም አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲያልቅ፣ በርካታ ባንኮች የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጉት ጁን 30 ማለትም ሰኔ 23 ነው። የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርትና የመንግሥት የበጀት ዓመት ሪፖርት በአንድ ስም ቢጠሩም በሰባት ቀን ይለያያሉ። ስለዚህ ሁለት ሪፖርቶችን የሚያነጻጽር ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት የዓመቱን ቁጥር ሳይሆን ሒሳቡ የተዘጋበትን ቀን ነው።